«አስፈላጊው እርዳታ ሁሉ ተደርጎላት» የሚለውን ሐረግ ሰርዙት

(ድሬዳዋ ላይ ለሆስፒታል የሕዝብ ግንኙነት፣ የጥራት ክፍልና የነርሲንግ ኃላፊዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ሙቀቱ ሳይጠና እንጀምር። መጀመሪያ አንድ መግለጫ ላንብብላችሁ። የየትኛውም ሆስፒታል መግለጫ አይደለም። ካየኋቸው ብዙ መግለጫዎች ዓረፍተ ነገር እየለቀምኩ ለዛሬ የሰፋሁት ነው። ታካሚዋም ሆስፒታሉም የሉም። ዓረፍተ ነገሮቹን ግን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ጽፋችኋቸዋል።

«የ27 ዓመቷ ወ/ሮ እገሊት ባለፈው ረቡዕ በሆስፒታላችን ሕይወቷ ያለፈ ሲሆን፣ ታካሚዋ ለወሊድ ዘግይታ የመጣችና የደም ግፊትን ጨምሮ ተጓዳኝ በሽታዎች የነበሩባት በመሆኑ በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ተደርጓል። የሕክምና ቡድናችን አስፈላጊውን እርዳታ ሁሉ በወቅቱ ያደረገላት ቢሆንም፣ ባጋጠማት ድንገተኛ የልብ መቆም ከሌሊቱ 2፡40 ሕይወቷ ሊያልፍ ችሏል። ሕፃኑ በጥሩ ጤንነት ላይ ይገኛል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚናፈሰው ወሬ ከእውነት የራቀ ነው። ጉዳዩ ምርመራ እየተደረገበት ሲሆን ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኝ ባለሙያ ላይ አስተማሪ እርምጃ ይወሰዳል። ሆስፒታሉ ለቤተሰቦቿ መጽናናትን ይመኛል።»

ሲሰሙት ክፉ አይመስልም። እንዲያውም ደህና የተጻፈ ይመስላል። እስቲ አሁን ካርዷን እንግለጥ።

ካርዱ የሚለው ይህን ነው። እናቲቱ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በአምቡላንስ ደረሱ። የሪፈር ወረቀታቸው ላይ ጤና ጣቢያ የገቡት ሊነጋ ሲል እንደሆነ ተጽፏል። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ከምሽቱ 1፡50 ተረኛ ነርስ ደም መብዛቱን አይታ ጻፈች። 2፡15 ላይ ደም ተጠየቀ። ደሙ የገባው 3፡30 ነው። 3፡40 ላይ እንደገና ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ተወሰዱ። ከሌሊቱ 8፡40 አረፉ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ላንሳ። ባለቤታቸው ናቸው። ከ2፡15 እስከ 3፡30 ደም ፍለጋ የሮጡት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን ይዘው ባጃጅ ውስጥ የገቡት፣ ደም ባንክ ደጅ የቆሙት፣ ወንድማቸውን በስልክ «ና ደም ስጥ» ያሉት እሳቸው ናቸው። መግለጫችሁን ከማንም በፊት የሚያነቡትም እሳቸው ናቸው። «እርዳታ ሁሉ በወቅቱ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ምን ይላሉ? «አቦ፣ ደጅ ላይ የቆምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» ይላሉ። ሰዓት ሳይሞላ ይህ ቃል ፌስቡክ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ እውነት እንኳ ቢናገር የሚሰማው የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፍርድ የሚሰጡ ቃላትን ማውጣት ነው። «በወቅቱ» ፍርድ ነው። «2፡15» መረጃ ነው። «አስፈላጊው ሁሉ» ፍርድ ነው። «ደም ተሰጥቷቸዋል» መረጃ ነው። መዝገቡ የሚያስረዳላችሁን ብቻ አስቀሩ፣ የምታምኑትን አውጡ።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገ ፍርድ ቤት ብትቀርቡ መግለጫው ማስረጃ ሆኖ ይመጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋም በሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት በታካሚ ላይ ለሚደርስ ጉዳት በኃላፊነት እንደሚጠየቅ ይደነግጋል። የከሳሽ ጠበቃ መግለጫችሁን በአንድ እጁ፣ ካርዱን በሌላው እጁ ይዞ ይቆማል። «በወቅቱ ብላችኋል፤ ይኸው አንድ ሰዓት ከሩብ» ይላል። ለዚያ አንድ ሰዓት ከሩብ በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል። የደም ዓይነቷ የማይገኝ ሊሆን ይችላል። መመሳሰሉን የማጣራት ሥራ ጊዜ ወስዶም ይሆናል። ግን እናንተ ምክንያቱን ከማስረዳታችሁ በፊት ቃላችሁን ስትከላከሉ ትገኛላችሁ።

ወደ «ዘግይታ የመጣች» እንሂድ። ይህቺ ሐረግ በጣም የተለመደች ናት። ተከላካይ ናት፤ የምትከላከለውም ሟችን በመውቀስ ነው። እናቲቱ ሊነጋ ሲል ጤና ጣቢያ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የዘገየ ነገር ካለ የዘገየው አምቡላንስ፣ ሪፈር ወይም የስልክ ቅብብል ነው። እሱም ገና አልተጣራም። ሟች መልስ መስጠት አይችሉም። ቤተሰቡ ደግሞ «ልጃችንን ገደላችሁ፣ በላዩ ላይ ወቀሳችኋት» ብሎ ይይዘዋል። ያየኋቸው ቤተሰቦች በብዛት ወደ ጠበቃ የሚሄዱት በሞቱ ብቻ አይደለም። እንዲህ ባለች አንዲት ሐረግ ሲናደዱ ነው።

«ድንገተኛ የልብ መቆም» የምትለዋ ደግሞ ለሐኪሞቹ የምትነገር ናት። ሰው ሁሉ ሲሞት ልቡ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት የሞት ምክንያት የምስክር ወረቀት ሲሞላ የልብ መቆም ብቻውን እንደ ሞት ምክንያት እንዳይጻፍ የሚመክረው ለዚህ ነው። ወረቀቱ የሚፈልገው ሰንሰለቱን ነው። መጨረሻ ላይ ምን ሆነ፣ እሱን ያመጣው ምንድን ነው፣ ከሥር የጀመረው ነገርስ ምንድን ነው? በእኛ ምሳሌ ልብ የቆመው ብዙ ደም ስለፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ደሙ የፈሰሰው ማህፀን አልኮማተር ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ መድማት ዋናው መንስኤ ይኸው ነው። ወይም በኦፕራሲዮኑ የተነካ ደም ሥር ይሆናል። ወይም ደሙ አልረጋ ብሎ። እነዚህ ሦስቱ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ማንም ሳያጠፋ የሚመጣ ችግር ነው፤ ጥያቄው እንዴት ተያዘ የሚለው ይሆናል። ሁለተኛው ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ረቡዕ ጠዋት ላይ ሆኖ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። «የልብ መቆም» ያለ መግለጫ ግን የሚያውቅ መስሎ ቀርቧል። ከሳምንት በኋላ የኦፕራሲዮን ማስታወሻው ሌላ ሲያሳይ «ደበቁ» ይባላል። አልደበቃችሁም ይሆናል፤ ቸኩላችኋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ በእኛ ከተማ ግን ከሌላው ቦታ የሚከብድ ነገር አለ። ቀብር ይፈጥናል። ሌሊት ያረፈ ሰው፣ በተለይ ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ፣ ከዝሁር በፊት ሊቀበር ይችላል። ቤተሰቡ ቅሬታ ካለው የአስከሬን ምርመራ የሚጠየቅበት ጊዜ ያቺ ማለዳ ናት። ከቀብር በኋላ መቃብር ማስከፈት ለማንም የማይመኙት ነገር ነው። ስለዚህ አስከሬኑ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ኃላፊ ለቤተሰቡ በግልጽ መንገር አለበት። «ስለ አሟሟታቸው ጥርጣሬ ካላችሁ ለፖሊስ አመልክታችሁ ምርመራ ማስደረግ ትችላላችሁ፤ ካልፈለጋችሁም አናስገድዳችሁም» ማለት ነው። የተነገረበት ሰዓትና ማን እንደነበረ ይጻፋል። ቤተሰቡ እምቢ ካለ መግለጫው ይህን አይጠቅስም። «ቤተሰቡ የአስከሬን ምርመራ አልፈልግም ብሏል» ብሎ አደባባይ ማውጣት ሌላ ወቀሳ ነው። የሚጻፈው ካርድ ላይ ነው።

ስለ ሰዓቱ ላስቁማችሁ፤ ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር ስለሆነ። መግለጫው «ከሌሊቱ 2፡40» ይላል። ካርዱ ላይ ሐኪሙ የጻፈው 02:40 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጸሐፊው እንዳለ ገልብጦታል። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8፡40 ነው። «ሌሊት 2፡40» የሚባል ሰዓት ለአንባቢ ምሽት ነው። ምሽት 2፡40 ደግሞ ባልየው ደም ባንክ ደጅ ቆመው የነበረበት ሰዓት ነው! በአንድ ግልባጭ ስህተት እናቲቱ ደሙ ከመምጣቱ በፊት የሞቱ መስለዋል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ለካርዱ ረቡዕ ገብቷል፣ ለቤተሰቡ ገና የማክሰኞ ሌሊት ነው። «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40» ብላችሁ ጻፉ። ማንም አይሳሳትም። ካርዱ ላይ ነርሷ በአገራችን ሰዓት፣ ሐኪሙ በፈረንጅ ሰዓት ጽፈው ከሆነ፣ መግለጫ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለቱን አስቀምጣችሁ አንድ የጊዜ ሰንጠረዥ ሥሩ። ካርዱን ግን አትንኩ። የጎደለ ነገር ካለ የሚጨመረው የተጨመረበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ፣ በጨመረው ሰው ፊርማ ነው። መግለጫውን ለማስማማት የተነካ ካርድ ከየትኛውም የሕክምና ስህተት በላይ ያዋርዳችኋል።

አሁን ስለ ምስጢር። ስም፣ ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ «ተጓዳኝ በሽታዎች»። የመጨረሻዋ ደግሞ ሰው የፈለገውን በሽታ እንዲሞላባት ክፍት የተተወች ናት። በእኛ አገር ክፍቱ በምን እንደሚሞላ ታውቃላችሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር መግለጥን ወንጀል ያደርጋል፤ የጤና ባለሙያም አለበት። ታካሚ ስለሞተ ምስጢሩ አብሮ አይሞትም። «ከተማው ሁሉ ያውቃል» የሚል ክርክር አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ድሬ ውስጥ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ እስከ ቀትር ድረስ የማያውቅ አይኖርም። ጎረቤት ማወቁ ግን ለሆስፒታሉ ፈቃድ አይሆነውም። ቤተሰቡ ስም እንዲወጣ ከፈለገ በጽሑፍ ይፍቀድ። ማን ነው የሚፈቅደው የሚለውም ይጠየቅ፤ ባልና ወላጆች ሁልጊዜ አይስማሙም። ካልተስማሙ ስም አይወጣም፣ በቃ።

«ሕፃኑ በጥሩ ጤንነት ላይ ይገኛል» የምትለውንም አውጧት። ሐዘኑን ለማለስለስ እንደምትገባ ይገባኛል። ግን ሕፃኑም ታካሚ ነው፣ የሱም መረጃ የቤተሰቡ ነው። ነገ ደግሞ ሁኔታው ቢለወጥ ሌላ መግለጫ ልትጽፉ ነው?

«ምርመራ እየተደረገ ነው» ሲባል ሰው የሚሰማው ፖሊስ ነው። እናንተ ያሰባችሁት የባለሙያዎች ቡድን ካርድ ማየቱን ነው። ሁለቱን አታደባልቁ። የእናቶች ሞት ሲያጋጥም ሆስፒታሉ የሚያካሂደው ግምገማ ስም ሳይጠራ፣ ሰው ሳይወቀስ ከሞቱ ለመማር የሚደረግ ነው። ሰው የሚናገርበትም ለቅጣት እንዳልሆነ ስለተነገረው ነው። የባለሙያ ሥነ ምግባር ጉዳይ የሚታየው በጤና ተቆጣጣሪው በኩል ባለ ኮሚቴ ነው። ወንጀል የሚያየው ፖሊስና ፍርድ ቤት ነው። «ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኝ ባለሙያ ላይ አስተማሪ እርምጃ» ብላችሁ ስትጽፉ ሦስቱንም ባንድ አፍ አጨማለቃችሁ። ጥፋት አለ ብላችሁ ጀምራችኋል። ግምገማው ላይ ነገ የሚናገር ነርስ አይኖርም። ያ ባለሙያ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ቢከሰስ፣ ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ላለበት ሰው ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሳይለው ንጹሕ የመባል መብቱን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ሰጥቶታል። ያንን የራሱ ሆስፒታል መግለጫ መሸርሸር የለበትም።

«የሚናፈሰው ወሬ ከእውነት የራቀ ነው» የምትለዋን በአጭሩ ልለፋት። የትኛው ወሬ? ከወሬው ግማሹ እውነት ቢሆንስ? ባልየው የጻፉትም «ወሬ» ሊባል ነው? ሰርዙ።

ስለ አነጋገር ጥቂት። «ሕይወቷ ሊያልፍ ችሏል» የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ዜናው ሁሉ ይለዋል። መሞት ችሎታ አይደለም። «ሕይወታቸው አልፏል» ይበቃል። ሌላው አንቱታ ነው። መግለጫዎቻችንን ብታዩ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሐኪሙ «ገለጹ»፣ ታካሚዋ «ሞተች» ይባላሉ። ባለ ትዳር፣ የሰው እናት ናቸው። ለቤተሰባቸው እንደምታናግሩት አድርጋችሁ ጻፉ።

«ሐዘን ብንገልጽ ጥፋት ማመን አይሆንብንም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሁልጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሕግ ክፍሉ ነው። «በሞታቸው አዝነናል» ማለት አዝኖ መገኘት ነው። «ላደረስንባችሁ በደል ይቅርታ» ማለት ሌላ ነው፤ በደል መኖሩን ወስኗል። እንግሊዝ አገር በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ኃላፊነትን እንደማመን አይቆጠርም ብሎ ጽፎታል። እዚህ በሱ አንመካ። ግን ሐዘን መግለጽን ፈርቶ በመጨረሻው መስመር «መጽናናትን ይመኛል» ብሎ መወርወር፣ ለቅሶ ቤት ደርሶ ከደጅ እንደመመለስ ነው። ሐዘኑ ከላይ ይግባ።

እንግዲህ ያንኑ መግለጫ እንደገና ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል።

«ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ላይ፣ በሆስፒታላችን የወለዱ አንዲት እናት ሕይወታቸው አልፏል። በሞታቸው በጣም አዝነናል። ባለቤታቸውን፣ ወላጆቻቸውንና መላ ቤተሰባቸውን እግዚአብሔር ያጽናቸው፣ አላህ ሶብሩን ይስጣቸው እንላለን።

የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተርና ያከሟቸው ሐኪም ቤተሰቡን በአካል አግኝተው እስካሁን የሚታወቀውን ነግረዋቸዋል፤ ጥያቄዎቻቸውንም ተቀብለዋል።

ይህ ሞት ያልተጠበቀ ነበር። የሆነውን ለመረዳት በሕክምናው ያልተሳተፉ ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን የሕክምና ሰነዶቹን እየተመለከተ ነው። ቡድኑ ሥራውን እስኪጨርስ ስለ ሞቱ ምክንያት ምንም አንልም። ከሰነዶቹ የምንረዳውን ለቤተሰቡ ቀርበን እንነግራለን። ሥልጣን ያለው አካል በሕግ መሠረት መረጃ ሲጠይቀን እንሰጣለን።

የታካሚያችንን ምስጢር ለመጠበቅ ስማቸውንና የጤና መረጃቸውን አንገልጽም። ሠራተኞቻችንም ሆኑ ሌሎች ፎቶና ወረቀት እንዳያሰራጩ እንጠይቃለን።»

ከስሩ የኃላፊው ስምና ፊርማ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ለቤተሰቡ የተመደበ ሰው ስልክ። «ማኔጅመንቱ» ብሎ አይፈረምም።

አንዳንዱን ልብ በሉልኝ። ኦፕራሲዮኑ ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ነውና። ደሙም የለም። ባልየው ደሙ ባለመጠቀሱ አይቆጡም ወይ? ይቆጡ የነበረው መግለጫውን ባነበቡ ሰዓት ገና ማንም ያላናገራቸው ቢሆን ነው። 2፡15 እና 3፡30 የሚባሉት ሰዓቶች መነገር ያለባቸው ለእሳቸው ነው፤ ቁጭ ብሎ፣ በሚሰሙት ቋንቋ፣ የሚያከብሯቸው ሽማግሌ አብረው ባሉበት። «ደሙ ለምን እንደቆየ ገና አናውቅም፣ እያየነው ነው» ማለት ይቻላል። ያንን ከሐኪሙ አፍ የሰሙ ሰው መግለጫው ላይ ፍለጋ አይገቡም። ሁለተኛው አንቀጽ፣ «በአካል አግኝተው» የሚለው፣ እውነት ካልሆነ መግለጫው አይወጣም። ስብሰባው ይቅደም፣ መግለጫው ይከተል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ያሳመራችሁት ቃል ሁሉ ዋጋ የለውም።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። እዚህ አንድ መግለጫ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይወጣል፤ ሐረር ላይ በሐረሪም። አማርኛው በሕግ ክፍል አልፎ የቀሩትን ቢሮ ውስጥ የተገኘ ሰው ከተረጎማቸው አራት የተለያዩ መግለጫዎች አሏችሁ። በአንዱ «ቡድን ሰነድ እያየ ነው»፣ በሌላው «ወንጀል እየተጣራ ነው» ሊል ይችላል። ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ሌላው በአማርኛ መልሶ ይንገራችሁ።

ከመውጣቱ በፊት ለሠራተኛው ንገሩ። የዎርዱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «እኔኮ ቀድሜ ብያቸው ነበር» የሚል መልእክት መግለጫውን ሁሉ ይበላዋል፤ ማስረጃም ነው። «ከተጻፈ በኋላ አጥፉት» ማለት ደግሞ የባሰ ነው። አትጻፉ በሉ፣ ያላችሁን ለቡድኑ ተናገሩ በሉ።

ቡድኑ ሲጨርስ ሁለተኛ መግለጫ ያስፈልጋል ወይ ለሚለው፦ ሁልጊዜ አይደለም። የግምገማው ቃለ ጉባኤ አደባባይ አይወጣም። የተለወጠ አሠራር ካለ፣ ለምሳሌ ሌሊት ደም የሚያመጣው የሆስፒታሉ ሰው እንጂ አስታማሚ እንዳይሆን ከተወሰነ፣ ቤተሰቡ ቀድሞ ሰምቶ አጭር ማስታወቂያ ማውጣት ይቻላል። የመጀመሪያው መግለጫ ላይ የተሳሳተ ነገር ከተገኘ ደግሞ ጽሑፉን በዝምታ አትለውጡት። የድሮውን እንዳለ ትታችሁ ከሥሩ «እርማት» ብላችሁ ቀንና ሰዓት አስገቡ፣ የታረመውን መስመር ጻፉ፣ ያው ኃላፊ ይፈርምበት።